ቲማቲሙን ያደመቀው ቃሪያው ነው

እንደምን አደራችሁ። ወንበራችሁን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርጉ። እርሳሱን ዛሬ እናሳርፈው፤ የምናወራው ስለ ቀለም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አባት ቲማቲም ሲስሉ ተቸግረው ነበር። ቀይ ቀቡ፣ አልደመቀም። ደረቡበት፣ አሁንም አልደመቀም። አምስተኛው ድርብ ላይ ወረቀቱ ተላላጠ። “ቀለሙ ነው የማይረባው?” ብለው ጠየቁኝ። ቀለሙ ደህና ነው። ጎረቤት አጥቶ ነው እንጂ።

ይህን ተመልከቱ። ጠዋት ከጉልት የገዛሁት ቲማቲም ነው። ቡናማው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ቀይ ነው፤ ግን ዝም ያለ ቀይ። አሁን ሦስት ቃሪያ ከጎኑ ላድርግ። አያችሁ? ቲማቲሙን ማንም አልነካውም፤ ግን ነቃ። ቃሪያውን ላንሳው። መልሶ ፈዘዘ። እኔ ይህን ስንት ዓመት አይቼው አሁንም ይገርመኛል።

ግድግዳው ላይ ወደለጠፍኩት የቀለም ክብ ዙሩ። የሰዓሊ መነሻ ቀለማት ሦስት ናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይወጣል። ከሦስቱ ያልገባው ማን ነው? ቀይ። ክቡ ላይ ከአረንጓዴ ፊት ለፊት የቆመውም እሱ ነው። በዚሁ ስሌት ሰማያዊ ከብርቱካናማ፣ ቢጫ ከሐምራዊ ይገጥማሉ። እነዚህን ጥንዶች ተቃራኒ ቀለማት እንላቸዋለን። ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል።

ለምን? መልሱ ዓይናችን ውስጥ ነው። የሰጠኋችሁን ቀይ ክብ ወረቀት አንሱ። መሃሉን ሠላሳ ሰከንድ ሳትነቃነቁ እዩት። አሁን ቶሎ ወደ ነጩ ወረቀት! ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ክብ የታየው እጁን ያውጣ። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ቀይ የሚቀበሉት የዓይን ሴሎች ደከሙ፤ ያልደከሙት ሲበረቱ ተቃራኒው ታየን። የቀዶ ጥገና ሐኪሞች አረንጓዴ የሚለብሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቀይ ሲያዩ የቆዩ ዓይኖች ነጭ ልብስ ላይ ሲያርፉ እንዲህ ያለ ጥላ ያያሉ፤ አረንጓዴው ላይ ግን አይረብሻቸውም።

ነገሩን በደንብ ያጠናው ሚሼል ሸቭሩል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በሚባለው የምንጣፍና የግድግዳ ጥልፍ መሥሪያ ቤት የቀለም ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ይፈዛል የሚል አቤቱታ መጣለት። ክሩን ከሌሎች አገሮች ክር ጋር አመሳከረ፤ እንከን የለውም። ችግሩ ከጥቁሩ ጎን የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። ያገኘውን በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ቫን ጎግም በ1888 እ.ኤ.አ. አንድ የሌሊት ካፌ ሲስል ቀይና አረንጓዴውን ሆን ብሎ አጋጨ። ሥዕሉን ስታዩት ክፍሉ ውስጥ ለመቀመጥ አያምርም፤ እሱም የፈለገው ያንኑ ነው።

ስለዚህ ተጠንቀቁ። ተቃራኒዎቹን ግማሽ በግማሽ አታድርጉ፤ በተለይ ቀይና አረንጓዴ። ሁለቱም እኩል ሲጮሁ ዓይን ማረፊያ ያጣል። አንዱ ሰፊውን ቦታ ይያዝ፣ ሌላው ጥቂት ይሁን። ጠረጴዛው ሙሉ አረንጓዴ ጨርቅ ከሆነ አንዲት ቀይ ቲማቲም ትበቃለች።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንምጣ። ተቃራኒዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ይደማመቃሉ፤ ሲቀላቀሉ ግን ይጠፋፋሉ። ቀይ ላይ አንዲት ጠብታ አረንጓዴ ጨምሩ፤ ቀዩ ይረጋል፣ ወደ ቡናማ ያደላል። ለቲማቲሙ ጥላ የሚሆነው ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ ለጥላ ጥቁር ያነሳል፤ ቲማቲሙም የተቃጠለ ይመስላል። አደይ አበባ ስትስሉ ደግሞ ቢጫው ላይ ጥቁር አትጨምሩ፤ አረንጓዴ ይሆንባችኋል። ትንሽ ሐምራዊ ንኩበት።

ከብርቱካናማው ወረቀት ሁለት እኩል አራት ማዕዘን ቁረጡ። አንዱን ሰማያዊ፣ ሌላውን ቀይ ወረቀት ላይ ለጥፉ። ከአንድ ወረቀት የወጡ አይመስሉም። ቀዩ ላይ ያለው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሰማያዊው ላይ ያለው ይንቦገቦጋል። የጎረቤታችሁንም እዩ።

ከዚያ ቲማቲሙን እንደገና እንሥላለን። ቀዩን አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡ፤ ከዚያ ብሩሹን እጠቡና ለቃሪያው አረንጓዴ አዘጋጁ። የውሃው ባልዲ በሩ ጋ ነው፤ ብርጭቆአችሁን ሞልታችሁ ኑ።