የአጭር ፊልም «ሩብ ጉዳይ» የድምፅና የሙዚቃ ዕቅድ

ለዳይሬክተር፣ ለኤዲተር፣ ለሙዚቃ አቀናባሪና ለድምፅ ቡድን። ርዝመት 14 ደቂቃ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም። ምስሉ ግንቦት 24 ቀን 2018 ይቆለፋል፤ የመጨረሻው ሚክስ ሐምሌ 15 ይረከባል።

ሐሳቡ

ታሪኩ የሚያልቀው ፒያሳ ውስጥ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት የሰዓት ጥገና ሱቅ ነው። ሱቋ ልትፈርስ አንድ ቀን ቀርቷታል። ውስጥ የሰዓት ምት አለ፣ ውጭ ኤክስካቫተር። እስከ 09:20 ድረስ የጀርባ ሙዚቃ አይገባም። ኤዲቲንግ ላይ «እዚህ ጋ ባዶ ሆነ» የሚል አስተያየት ይመጣል፤ መልሱ ክራር መጨመር ሳይሆን የሱቁን ድምፅ ማስተካከል ነው።

የሰዓቱ ምት

ፕሮፕ የሆነው በእጅ የሚሞላ አሮጌ ሰዓት በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል። በሰከንድ 5፣ በደቂቃ 300 ማለት ነው። 09:20 ላይ የሚገባው ችክችካ በ6/8 ተጽፎ ባለ ነጥቡ ሩብ ኖታ በደቂቃ 100 ላይ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ስምንተኛ ኖታ በአንድ የሰዓት ምት ላይ ያርፋል። ሙዚቃው ከሰዓቱ የሚወለደው በዚህ መንገድ ስለሆነ ፍጥነቱ አይነካም። ፕሮፑ 21,600 በሚመታ ሰዓት ከተቀየረ ሒሳቡ ወደ 120 ይሄዳል፣ ቅንብሩም እንደገና ይሠራል። ስለዚህ አርት ዲፓርትመንት ሰዓቱን ከቀረጻው በኋላ ለባለቤቱ አይመልስም፤ እስከ ሚክስ ድረስ እኛ ጋ ይቆያል።

ቀረጻው ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ፍሪጅና ፍሎረሰንት ተነቅሎ ይካሄዳል። ሰዓቱ ስስ የእንጨት ሣጥን ላይ ይቀመጥ፤ እንጨቱ ድምፁን ያጎላዋል። አንድ ማይክ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት፣ አንድ ኮንታክት ማይክ ሣጥኑ ላይ። የማይኩ የራሱ ሹክሹክታ ከፍ ያለ ከሆነ ምቱ በሚክስ ሲጎላ እሱም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ለካሜራ የምንጠቀምበት ትንሽ ማይክ አይሆንም። ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይቀዳ።

አሮጌ ሰዓት ልኩን አይጠብቅም። በቀን 30 ሰከንድ የሚያፈጥን ከሆነ በ105 ሰከንድ ሙዚቃ ውስጥ ወደ 36 ሚሊሰከንድ ይርቃል። ዓይን አያየውም፣ ጆሮ ግን ከከበሮው ጋር እንደ ድርብ ምት ይሰማዋል። መፍትሔው ሙሉ ቀረጻውን በመጠኑ ስቦ ከግሪዱ ጋር ማስተካከል ነው። ሁለት ሰከንድ ቆርጦ መደጋገም አይበቃም፣ ድግግሞሹ ወዲያው ይታወቃል።

የአካባቢ ድምፅ

ለእያንዳንዱ ትዕይንት ተዋናይ ሳይንቀሳቀስ 60 ሰከንድ የክፍሉ ድምፅ ይቀዳል። ለውጭው፦ የወያላ ጥሪ፣ የጫማ ጠራጊ ብሩሽ ሣጥኑን ሲመታ፣ የማኪያቶ ማሽን፣ የንጋት ደወል። ወር በገባ በ23 የጊዮርጊስ ቀን ነውና ንጋቱ እንደ ሌላው ቀን አይሆንም፤ ተራውን ቀን ከፈለግን ያን ቀን እንለፈው። አዛን ከገባ ሐረጉ መሐል አይቆረጥም፣ ከሙዚቃ ሥርም አይደረግም። ቅዳሴም እንዲሁ።

ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው፦ ከታክሲ ራዲዮና ከካፌ ስፒከር የሚመጣ ዘፈን። ሳናስበው የገባ ዘፈንም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከንግግር ሥር ከተቀዳም ንግግሩን ሳይጎዱ ነቅሎ ማውጣት ይከብዳል። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ረዳት ዳይሬክተሩ ካፌውን ሙዚቃ እንዲያጠፋ፣ ሾፌሩን ራዲዮ እንዲዘጋ ይጠይቃል። ታክሲ ውስጥ ያለው ትዕይንት (02:15) ከሞተር ድምፅ በቀር ባዶ ይቀዳና ራዲዮው በኋላ ይጨመራል።

የሰዓት ሠሪው ጋቢ የደረት ማይኩን ይፈትጋል። ማይኩ ከጋቢው ሥር ሳይሆን ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ይሰፋ፣ ቡሙም ሁልጊዜ አብሮ ይሥራ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከጀመረ ቀረጻው ይቆማል፤ የዝናብ ድምፅ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ስለሚሰራጭ ከንግግሩ አይለይም። የጄኔሬተር ሁም ግን 50፣ 100፣ 150 ኸርዝ ላይ ስለሚቀመጥ በአብዛኛው ይቆረጣል።

ሙዚቃ በየቦታው

ሙ1፣ 04:10–05:00። የሱቁ ትራንዚስተር የሚያሰማው የ1960ዎቹ ዓይነት ዘፈን። በስክሪፕቱ የታወቀ ዘፈን ነበር፤ ተትቷል፣ ምክንያቱ ከታች አለ። አቀናባሪው በትዝታ ቅኝት አዲስ ይሠራል። የማንንም ዜማ አይቀዳም፣ «ያንን ዘፈን አስመስለው» የሚል ትእዛዝም አይሰጠው። ከተቀዳ በኋላ በእውነተኛ ትራንዚስተር ተጫውቶ በማይክ ይቀዳል፤ 300–3400 ኸርዝ ማጣሪያ ብቻ ሰው ሠራሽ ይመስላል።

ሙ2፣ 09:20–11:05። መጀመሪያ ሰዓቱ ብቻ፣ በ8ኛው ባር ክራር፣ ከዚያ ከበሮ። ማሲንቆው 10:30 ላይ የሰዓት ሠሪው የልጅ ልጅ ንግግሯን ከጨረሰች በኋላ ይግባ፤ የማሲንቆ ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ቃላቱን ይውጣል።

ሙ3፣ 13:10 እስከ መጨረሻ። ማሲንቆ ብቻ፣ ያለ ምት።

ጊዜያዊ ሙዚቃ

የፊልሙ ሙዚቃ እስኪሠራ ኤዲተሩ ሦስት ጊዜያዊ ትራኮችን ተጠቅሟል፤ ስማቸው `TEMP_M1.wav`፣ `TEMP_M2.wav`፣ `TEMP_M3.wav` ይሁንና በራሳቸው ትራክ ላይ ብቻ ይቀመጡ። ለሙ2 የገባው ጃዝ በደቂቃ 112 ነው፤ ምስሉ በእሱ ከተቆረጠ በ100 የሚጻፈው ሙዚቃ ሁልጊዜ የዘገየ ይመስላል። ስለዚህ ከግንቦት 10 ጀምሮ ሙ2 በሰዓት ምትና በባዶ ከበሮ ይተካል። ጆሮ የለመደውን መተው ይከብዳል፤ ዳይሬክተሩ ከዚያ ቀን በኋላ የድሮውን ቅጂ ባያይ ይመረጣል።

ጊዜያዊ ትራክ ያለበት ቅጂ ከኤዲቲንግ ክፍል አይወጣም። በድብቅ ሊንክ ዩቲዩብ ላይ ቢጫንም ኮንተንት አይዲ ይይዘዋል። ለፌስቲቫል ረቂቅ መላክ ካስፈለገ የአቀናባሪው ንድፍ ወይም ያለ ሙዚቃ ይላካል።

ፈቃድና ገደቡ

አሮጌ ዘፈን ሁለት በር አለው። አንዱ ድርሰቱ ነው፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፤ እኛ አገር ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ካረፉ ደግሞ ወራሾቻቸው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፣ እሱም የአሳታሚው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የድምፅ ቅጂ አዘጋጅ መብትም 50 ዓመት ነው። ስለዚህ የሸክላው ዘመን አለፈ ማለት ዘፈኑ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ዘፋኙ በቃል «ውሰዱት» ቢለንም የግጥሙንና የዜማውን ባለቤት አይወክልም። ውጭ አገር የሚቆጠረው ዘመንም ይለያል።

የሕዝብ ዜማና የቅዱስ ያሬድ ዜማ የአንድ ሰው ንብረት ባይሆኑም የተቀዳው ካሴት ባለቤት አለው። ራሳችን እንቅዳ፤ ለቤተ ክርስቲያን ዜማ የደብሩ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

ከኢንተርኔት የሚወርድ ድምፅ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያለው፣ እሱም CC0 ወይም CC BY ብቻ። ለንግድ የማይፈቅደው NC ፊልሙ ሲሸጥ ያስረናል፤ ND ሙዚቃ ከምስል ጋር እንዲቀናጅ አይፈቅድም፤ SA ፊልሙን ራሱን በዚያው ፈቃድ እንድናወጣ ይጠይቃል። የወረደበት ቀንና የፈቃዱ ስክሪንሾት ይቀመጥ።

ከአቀናባሪውና ከሁለቱ ተጫዋቾች ጋር የሚፈረመው ውል፦ ለሁሉም አገር፣ ለፌስቲቫል፣ ለቴሌቪዥንና ለኦንላይን፣ ያለ ጊዜ ገደብ፣ ለዚህ ፊልምና ለማስታወቂያው። አቀናባሪው ሙዚቃውን በአልበም የማውጣት መብቱን ይይዛል፣ ነገር ግን ኮንተንት አይዲ ላይ ከማስመዝገቡ በፊት የፊልሙ ቻናል እንዲፈቀድለት ያደርጋል። ፊርማው ከስቱዲዮው በፊት ይሁን፤ ከተቀዳ በኋላ የሚጀመር ድርድር ውድ ነው።

በጀት

አቀናባሪ 60,000 ብር፣ ሁለት ተጫዋቾች 24,000፣ ስቱዲዮ ለአንድ ቀን 15,000፣ የድምፅ ኤዲቲንግና ሚክስ 55,000፣ ንግግር በድጋሚ መቅጃ 10,000፣ መጠባበቂያ 21,000። ድምር 185,000 ብር። ከመጠባበቂያው ለታወቀ ዘፈን አይወጣም፤ ሁሉንም ባለመብቶች አይሸፍንም፣ የግማሹ ፈቃድ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ርክክብ

48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት። ለዲሲፒ 5.1 ሆኖ ንግግሩ መሐል ቻናል ላይ፤ ለቴሌቪዥን ስቴሪዮ -23 LUFS፣ ከፍተኛው ጫፍ -1 dBTP። የሲኒማው ሚክስ በላፕቶፕ ስፒከር አይመዘን፤ የሰዓቱ ምት ስለማይሰማ ሁሉም ይጎላና አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ይወጋል። ንግግር፣ ሙዚቃና ኢፌክት በተለያየ ፋይል ይረከባሉ፤ አንድ ዘፈን ክርክር ቢያስነሳ የሚቀየረው ያ ብቻ ነው። ከፋይሎቹ ጋር የሙዚቃ ዝርዝር ይያያዛል፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ባለመብት፣ የገባበት ደቂቃ፣ ርዝመት፣ በትዕይንቱ ውስጥ የሚሰማ ወይስ የጀርባ ሙዚቃ መሆኑ።