የስፔክትሮፎቶሜትር የሞገድ ርዝመትና የአብዞርባንስ ፍተሻ፦ የሥራ መመሪያ

ይህ መመሪያ የሚሠራው ለቤተ ሙከራው ባለ ሁለት ጨረር ዩቪ-ቪዚብል መሣሪያ ነው። ፍተሻው በየሦስት ወሩ፣ እንዲሁም መብራት ከተቀየረ ወይም መሣሪያው ከቦታው ከተነሣ በኋላ ይደረጋል። የሞገድ ርዝመቱ ሳይረጋገጥ ወደ አብዞርባንስ አይታለፍም።

መሣሪያውን አብርታችሁ ሁለቱም መብራቶች እስኪረጋጉ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ስሊቱ 1 ናኖሜትር፣ የንባብ ርቀቱ 0.1 ናኖሜትር፣ የስካን ፍጥነቱ ደግሞ ዝቅተኛው ይሁን። በፈጣን ስካን ጫፉ ወደ ስካኑ አቅጣጫ ይንሸራተታል፤ ስሊቱ ሲሰፋ ደግሞ ተቀራራቢ ጫፎች ይዋሃዱና የሌለ ስሕተት ያሳያሉ።

የሞገድ ርዝመት

የሆልሚየም መስታወት ፊልተሩን በክፈፉ ብቻ ያዙት። የጣት አሻራ ካረፈበት በሌንስ ወረቀት አጽዱት። ቤዝላይኑን በባዶ መያዣ (በአየር) ውሰዱ፤ ከዚያ ፊልተሩን አስገብታችሁ ከ650 እስከ 270 ናኖሜትር ስካን አድርጉ። የጫፎቹን ቦታ ከራሱ ከፊልተሩ ሰርቲፊኬት ጋር አነጻጽሩ። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ዋጋ አይበቃም፤ የመስታወቱ ጫፎች ከሆልሚየም መፍትሔ ጫፎች ይለያሉ፣ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላውም በትንሹ ይለዋወጣሉ።

የቅርቡ ፍተሻ ውጤት፣ ሰርቲፊኬት / ንባብ፦
279.3 / 279.6
287.6 / 287.9
360.8 / 361.2
453.4 / 453.7
536.4 / 536.8
637.5 / 637.9

የተፈቀደው ልዩነት ±1.0 ናኖሜትር ስለሆነ መሣሪያው አልፏል። ይሁንና ሁሉም ልዩነት ወደ አንድ ወገን፣ በ0.3 እና በ0.4 መካከል ነው። እንዲህ ያለው ወጥ መዛነፍ የመነሻ ነጥቡ መንሸራተቱን ይጠቁማል፤ በሶፍትዌሩ የዲዩቴሪየም መስመሮች (486.0 እና 656.1) ላይ እንደገና ሲስተካከል ይስተካከላል። ልዩነቱ ከሞገድ ርዝመቱ ጋር እያደገ ቢሄድ ግን ችግሩ ግሬቲንጉን የሚያዞረው ክፍል ላይ ነው፤ ያኔ ባለሙያ ጥሩ፣ በሶፍትዌር ማስተካከያ አትሸፍኑት።

አብዞርባንስ

የፖታሲየም ዳይክሮሜት ዱቄቱን በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ ክብደቱ እስኪረጋ አድርቁና በማድረቂያ ዕቃ አቀዝቅዙት። ዱቄቱ ካንሰር አምጪና ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር ነው። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ሲመዘን አቧራው አይነሣ፤ ቆሻሻው በከባድ ብረት ማጠራቀሚያ ይግባ እንጂ ወደ ቧንቧ አይፈስስ።

1. 10 ሚሊሊትር 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ በንጹሕ ውኃ ወደ 2 ሊትር አሟሉ። ይህ 0.005 ሞላር አሲድ ማሟሟያም ብላንክም ነው። በተራ ውኃ አትተኩት፤ የክሮሜቱ ዓይነት በፒኤች ስለሚቀያየር ንባቡ ይዛባል።
2. 0.2500 ግራም ዳይክሮሜት በ500 ሚሊሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በዚሁ አሲድ አሟሙ። ይህ 500 ሚግ/ሊ ነው።
3. ከዚህ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ሚሊሊትር በፒፔት ወስዳችሁ እያንዳንዱን ወደ 100 ሚሊሊትር አሟሉ፤ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 ሚግ/ሊ ታገኛላችሁ።
4. በ1 ሴንቲሜትር የኳርትዝ ኩቬት፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ እየሄዳችሁ፣ በ350 ናኖሜትር ሦስት ሦስት ጊዜ አንብቡ። ኩቬቱን በሚቀጥለው መፍትሔ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት፤ አቅጣጫውን አትቀይሩ።

የሚጠበቀው 0.215፣ 0.429፣ 0.644፣ 0.858፣ 1.073 ሲሆን የተነበበው 0.214፣ 0.430፣ 0.643፣ 0.855፣ 1.069 ነው። ከ±0.010 ያለፈ የለም። የመስመሩ ስሎፕ 0.01068 ነው፤ ከተጠበቀው 0.01073 በ0.5% ያንሳል።

R² ብቻውን አያሳምናችሁ። ጎበጥ ያለ መስመርም 0.999 ሊሰጥ ይችላል። ከመስመሩ የቀረውን ልዩነት ነጥብ በነጥብ ተመልከቱ፤ እዚህ −0.0012፣ +0.0013፣ +0.0008፣ −0.0007፣ −0.0002 ነው። ዳርና ዳሩ አሉታዊ፣ መሐሉ አዎንታዊ ሆኖ እየሰፋ ቢመጣ መስመሩ ወደ ታች እየጎበጠ ነው፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም ባዳ ብርሃን ነው። 0.1% ባዳ ብርሃን 1.000 የሆነውን አብዞርባንስ 0.996፣ 2.000 የሆነውን 1.959፣ 3.000 የሆነውን ደግሞ 2.70 ያስነብባል። ይህን ለይቶ ለማረጋገጥ 12 ግ/ሊ ፖታሲየም ክሎራይድ በ198 ናኖሜትር በውኃ ብላንክ አንብቡ፤ ከ2 በታች ካሳየ አሮጌ ዲዩቴሪየም መብራት ወይም በመሣሪያው ውስጥ የተበከለ አንጸባራቂ መስታወት ፈልጉ። ሁሉም ነጥቦች በተመሳሳይ መቶኛ ዝቅ ወይም ከፍ ካሉና መስመሩ ቀጥ ካለ ጥፋቱ የመሣሪያው ላይሆን ይችላል፤ ሚዛኑን፣ የዱቄቱን መድረቅና የኩቬቱን ርዝመት መርምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ 350 ናኖሜትር የዳይክሮሜት ጠፍጣፋ ጫፍ ስለሆነ የ1 ናኖሜትር መዛነፍ ንባቡን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ የዳይክሮሜት ፍተሻ ማለፉ የሞገድ ርዝመቱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም።

ፊልተሩ ወይም መፍትሔው ካላለፈ አዲስ ብላንክ ወስዳችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙት። ሁለተኛውም ካላለፈ መሣሪያው ላይ "አይሠራበትም" የሚል ምልክት ለጥፉና ካለፈው ተቀባይነት ካገኘ ፍተሻ ወዲህ የተሰጡትን ውጤቶች ዝርዝር ለጥራት ኃላፊው አቅርቡ።