የትዕዛዝ ሠንጠረዥ ላይ የ«ጠቅላላ» ኮለምና የድምር ረድፍ መጨመር

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሳምንቱን ትዕዛዝ ኤክሴል ላይ እንዲህ መዝግቧል እንበል። ዕቃው፣ ደንበኛው፣ ዋጋውና ብዛቱ አለ። የጎደለው የእያንዳንዱ መስመር ሒሳብና የሁሉም ድምር ነው።

| ዕቃ | ደንበኛ | ዋጋ | ብዛት |
|---|---|---|---|
| ደብተር | ትምህርት ቤት | 65 | 120 |
| እስክሪብቶ | ትምህርት ቤት | 15 | 200 |
| የፎቶኮፒ ወረቀት (እሽግ) | ክሊኒክ | 620 | 12 |
| ፋይል | ክሊኒክ | 85 | 40 |
| ስቴፕለር | ጠበቃ ቢሮ | 380 | 5 |

ብዙ ሰው በካልኩሌተር አባዝቶ ውጤቱን በእጁ ይጽፋል። ታዲያ ብዛቱ ሲቀየር ያ ቁጥር እዚያው ይቀራል፤ ደረሰኝና ሠንጠረዡ አይገጥሙም። ስለዚህ ሒሳቡን ለኤክሴል እንስጠው።

መጀመሪያ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ሴል ይጫኑና Ctrl+T ይበሉ። «My table has headers» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አይተው OK ይበሉ። Table Design ውስጥ በስተግራ ያለው የስም ሳጥን ላይ Table1 የሚለውን አጥፍተው «ትዕዛዝ» ብለው ይጻፉ። በአማርኛ መሰየም ምንም ችግር የለውም።

አሁን E1 ላይ «ጠቅላላ» ብለው ጽፈው Enter ይጫኑ። ሠንጠረዡ ራሱ ሰፍቶ አዲሱን ኮለም ያቅፈዋል። ቀጥሎ E2 ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
=[@ዋጋ]*[@ብዛት]
```

Enter ሲሉ ፎርሙላው እስከ ታች በአንዴ ይሞላል። መጎተት አያስፈልግም። የ@ ምልክቷ «በዚሁ ረድፍ ላይ ያለውን» ማለት ናት። =C2*D2 ብለው ቢጽፉም ይሠራል፤ ግን ከሦስት ወር በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው C2 ምን እንደሆነ መፈለግ አለበት። «ዋጋ ሲባዛ ብዛት» ግን ለማንም ግልጽ ነው። የኮለምዎ ስም ክፍተት ካለው፣ ለምሳሌ «የአንዱ ዋጋ» ከሆነ፣ ድርብ ቅንፍ ይፈልጋል፦ [@[የአንዱ ዋጋ]]።

ለድምሩ Ctrl+Shift+T በቂ ነው። ከታች አዲስ ረድፍ ይመጣል። የመጀመሪያው ሴል ላይ Total የሚለውን «ድምር» ብለው ይቀይሩት። በጠቅላላ ኮለም ሥር 23,540 መውጣት አለበት። ካልወጣ ሴሉን ሲጫኑ ከምትመጣው ቀስት Sum ይምረጡ። በዋጋና በብዛት ሥር ያለውን ባዶ ይተዉት። የአንዱን ደብተር ዋጋ ከአንዱ ስቴፕለር ዋጋ ጋር መደመር ለማንም አይጠቅምም።

ድምሩ ሴል ውስጥ ያለው ፎርሙላ ይህ ነው፦

```
=SUBTOTAL(109,[ጠቅላላ])
```

SUM ያልሆነው በምክንያት ነው። 109 ማለት «የሚታየውን ብቻ ደምር» ነው። ደንበኛ በሚለው ኮለም ላይ ትምህርት ቤቱን ብቻ ፊልተር ቢያደርጉ ድምሩ ወዲያው 10,800 ይሆናል። የአንድ ደንበኛን ሒሳብ በስልክ ለሚጠይቅዎ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። 15 በመቶ ቫት የሚያሰሉ ከሆነ ከድምር ረድፉ አይውሰዱ፤ ፊልተር እንዳለ ከተረሳ ቫቱም አብሮ ይቀንሳል። ሌላ ሺት ላይ እንዲህ ያድርጉት፦

```
=SUM(ትዕዛዝ[ጠቅላላ])*15%
```

ፊልተር ኖረም አልኖረም 3,531 ይሰጣል። ሌላ ሺት ያልኩት ደግሞ ከሠንጠረዡ ጎን ከተቀመጠ ፊልተር ሲደረግ ረድፉ አብሮ ሊደበቅ ስለሚችል ነው።

አዲስ ትዕዛዝ ሲመጣ ከድምሩ ሥር አይጻፉ፤ አይቆጠርም። ከድምሩ በላይ ባለው የመጨረሻ ሴል ላይ ቆመው Tab ይጫኑ። ባዶ ረድፍ ይከፈታል፣ የማባዣው ፎርሙላም ከነነፍሱ ይገባል።

#VALUE! ካዩ ዋጋው ውስጥ ቃል አለ ማለት ነው። አንድ ሰው «380 ብር» ብሎ ከጻፈ ኤክሴል ማባዛት አይችልም፤ ድምሩም ይበላሻል። ሴሉ ላይ 380 ብቻ ይጻፉ። ብር የሚለው እንዲታይ ከፈለጉ ኮለሙን መርጠው Ctrl+1፣ ከዚያ Custom ውስጥ ይህን ያስገቡ፦

```
#,##0.00 "ብር"
```

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስሕተት ሳያሳይ የሚያሳስተው ነው። አንዱ ሠራተኛ ቅናሽ አድርጎ የጠቅላላ ሴል ላይ በቀጥታ 7,000 ብሎ ቢጽፍ ፎርሙላው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ብዛቱ 120 ይሁን 150፣ ያ ሴል 7,000 ብሎ ይቆያል። በሴሉ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ካዩ ይህ ነው። ሴሉን ሲጫኑ ከጎኑ የምትመጣውን የማስጠንቀቂያ ምልክት ይጫኑና Restore to Calculated Column Formula ይበሉ። ቅናሽ ካለ «ቅናሽ» የሚል የራሱ ኮለም ይከፈትለትና ፎርሙላው እንዲህ ይሁን፦

```
=[@ዋጋ]*[@ብዛት]-[@ቅናሽ]
```