ዕቃ ከመደርደርሽ በፊት፦ ለጀሞው ሱቅ የልኬት ዝርዝር

እህቴ፣ ሰኞ ዕቃው ከመርካቶ ይመጣል። እሑድ ከሰዓት በሩን ዘግተሽ ይህን ዝርዝር ይዘሽ ሱቁን ዙሪ። ሄደን ስናየው የወሰድኳቸውን ቁጥሮች ጽፌልሻለሁ። አንቺ ደግመሽ ለኪ፤ ልክ ከሆነ ራይት አድርጊ፣ ካልሆነ ሰርዘሽ የራስሽን ጻፊ። የእኔን ቁጥር አምነሽ እንዳታልፊው።

ይዘሽ የምትገቢው

☐ ባለ 5 ሜትር የብረት ሜትር። የልብስ ሰፊው ይለጠጣል፣ አይሆንም። ስንዝርም ይቅር።
☐ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ።
☐ ሁለት ሜትር ክር፣ ማርከር፣ የወረቀት ፕላስተር።
☐ ሚዛን።
☐ ቶሎ ቶሎ ከሚሸጡት 15 ዕቃዎች አንድ አንድ ፍሬ፣ ካርቶን ያላቸው ከነካርቶናቸው። ሁሉንም ልለካ ካልሽ ሰኞም አይበቃሽም።

ሁሉንም በሳንቲ ሜትር ጻፊ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፦ መጀመሪያ ስፋት (ከግራ ወደ ቀኝ)፣ ቀጥሎ ጥልቀት (ከፊት ወደ ኋላ)፣ መጨረሻ ቁመት። አንዱን ዕቃ በአንድ መንገድ ሌላውን በሌላ ከጻፍሽ ማታ ስታሰይው ይምታታብሻል።

ቤቱ

☐ ወለሉ 240 በ310። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለማይሆን ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ለክተሽ ትንሹን ቁጥር ያዢ።
☐ የበሩ ስፋት 84። የፍሪጁ ስፋት 60 ነው፣ ይገባል። የፍሪጁ በር ሲከፈት ግን ሌላ 60 ያህል ከፊቱ ይፈልጋል። ከኋላውም ሙቀቱ የሚወጣበት 10 ተይለት።
☐ ቆጣሪውና ሶኬቱ ያሉበትን ቦታ በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጊ። ቆጣሪው ፊት ምንም አይደረደርም።
☐ ከሰዓት ፀሐይ የምትገባበትን ቦታ በ9 ሰዓትና በ10 ሰዓት ወለሉ ላይ በፕላስተር ክበቢ። ሻማ፣ ቸኮሌትና ዘይት እዚያ አይቀመጡም።

መደርደሪያው

እዚህ ጋ አትቸኩዪ። እኔ የመጀመሪያውን ሱቅ ስከፍት መደርደሪያውን ከውጭ ለውጭ ለክቼ ለአናጢው ቁጥር ሰጠሁት። እሱ ያልኩትን ሠራ። የጣውላውን ውፍረት ስላልቀነስኩ ግን ባለ 5 ሊትር ዘይት ቆሞ አልገባ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዘይቱን መሬት ላይ ነው የሸጥኩት።

☐ የቀኙ ላሜራ መደርደሪያ ከውጭ 124 ነው። ግራና ቀኝ ያሉት እግሮች 3፣ 3 ይበላሉ። ዕቃ የሚቀመጥበት 118 ነው። የምትጽፊው ይህንን ነው።
☐ ጥልቀቱ 32። አምስቱንም እርከን ለየብቻ ለኪ።
☐ በእርከንና በእርከን መካከል ያለው ቁመት፦ ከታችኛው ጣሪያ እስከ ወለሉ 38፣ ሌሎቹ 30። ከእያንዳንዱ ላይ 5 ቀንሺ። ያ ለእጅሽ ነው፤ እጅ የማያስገባ መደርደሪያ ዕቃ ይጥላል።
☐ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረሽ መሃሉ ላይ ምን ያህል እንደጎበጠ እዪ። ባዶውን 1 ሳንቲ ሜትር የጎበጠ ከሆነ ከስሩ መሃል ላይ እግር ይጨመርበት፤ ከባድ ዕቃ አይጫንበት።
☐ በእጅሽ ነቅንቂው። ከነቃነቀ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ይህ ሳይሆን አንድም ዕቃ አይውጣ።

የካርቶንና የዕቃ ልክ

☐ እያንዳንዱን ካርቶን ከጎበጠበት ቦታ ለኪ። የተሞላ ካርቶን ሆዱ ይነፋል፤ 1 ሳንቲ ሜትር የሚያሳስተው እዚያ ነው።
☐ የሚከፈት ክዳን ካለው ከነክፍቱ ለኪው።
☐ ባለ 5 ሊትሩን ዘይት ከእጀታው ጫፍ ጀምረሽ ለኪ።
☐ የሻምፖና የሳሙና ሳሼ ሲንጠለጠል ምን ያህል እንደሚወርድ ለኪ። ከኋላው ያለውን ዕቃ የሚጋርደው እሱ ነው።
☐ የምትጠራጠሪውን መዝኚ። 6 ጠርሙስ ባለ 2 ሊትር ውሃ 12 ኪሎ ነው። 20 ሊትር ዘይት ከ18 ኪሎ ይበልጣል። እነዚህ ከወገብሽ በላይ አይወጡም።

ስንት ይይዛል?

የብስኩቱን ፓኬት ምሳሌ ላድርግልሽ። ስፋቱ 12፣ ጥልቀቱ 18፣ ቁመቱ 9 ነው።

በቀጭኑ ጎን ወደ ፊት ካዞርሽው፦ 118ን ለ12 ስታካፍዪ 9 ይገባል። ወደ ኋላ 32ን ለ18፣ 1 ብቻ። ወደ ላይ ከ30 ላይ 5 ቀንሰሽ 25ን ለ9፣ 2። በድምሩ 18 ፓኬት።

በሰፊው ጎን ካዞርሽው፦ 118ን ለ18፣ 6። ወደ ኋላ 32ን ለ12፣ 2። ወደ ላይ 2። በድምሩ 24።

አንድ ዓይነት መደርደሪያ፣ አንድ ዓይነት ፓኬት፤ 6 ፓኬት ልዩነት አለው። ስሙ የተጻፈውም በሰፊው ጎን ስለሆነ ብስኩቱን እንደዚያ አድርጊው።

☐ ለ15ቱም ዕቃዎች ሁለቱንም አዙረሽ አስዪ። ትርፍራፊውን ወደ ላይ አታጠጋጊ፤ 9.8 ማለት 9 ነው።
☐ በደብተሩ ላይ ሳዪው። አንዷ ካሬ 5 ሳንቲ ሜትር ትሁን። 118ቱ 23 ካሬ ተኩል ያህል ይሆናል።

ምን የት?

☐ የደንበኛሽን ዓይን ለኪ። ሰዉ የሚገዛሽ በመስኮት ከውጭ ቆሞ ነው። የሱቅሽ ወለል ከደጁ በ22 ከፍ ይላል። ዓይኑ ከደጁ መሬት 150 ላይ ከሆነ፣ ከአንቺ ወለል 128 ላይ ነው ማለት ነው። ውስጥ ቆመሽ ለራስሽ ዓይን እንዳትደረድሪ። ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው እዚህ ነው።
☐ በ128 አካባቢ ያለው እርከን፦ ብስኩት፣ ሻይ ቅጠል፣ የወተት ዱቄት።
☐ ታች፦ ዘይት፣ ውሃ፣ ስኳር። ዱቄትና ስኳር ግን ከወለሉ 10 ከፍ ብለው ከግድግዳውም ራቅ ብለው በእንጨት ላይ ይቀመጡ። እርጥበቱ ከስር ነው የሚመጣው።
☐ ሳሙናና ኦሞ ከዱቄት፣ ከቡናና ከሻይ ተለይተው በግራው ግድግዳ። ሽታው ይገባል።
☐ በረኪናና የተባይ መድኃኒት ከምግብ በታች እንጂ በላይ በፍጹም አይሁን። የሕፃን እጅ የሚደርስበትም አይሁን።
☐ እጅሽን ዘርግተሽ የደረስሽበትን በፕላስተር ምልክት አድርጊ። ከዚያ በላይ ሶፍትና ናፕኪን ብቻ።
☐ ቶሎ የሚበላሸው ከፊት። አብዛኛው ዕቃ ላይ ያለው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ እንዳትቆጥሪው።

ማታ

☐ የዕቃውን ስም በፕላስተር ላይ ጽፈሽ በየቦታው ለጥፊ።
☐ ሲመሽ አምፖሉን አብርተሽ ወደ ደጅ ውጪ። ደንበኛ በሚቆምበት ቦታ ቆመሽ አንብቢ። ጥላ ያረፈበት እርከን ካለ አምፖሉ ወደ መስኮቱ ይጠጋ።
☐ ጎረቤትሽን ጥሪና «ሻይ ቅጠሉ የት አለ?» ብለሽ ጠይቂያት። ፈልጋ ካመነታች ፕላስተሩን ነቅለሽ ቦታውን ቀይሪ። ዛሬ የምታነሺው ፕላስተር ነው፤ ሰኞ ግን ካርቶን ይሆናል።