ስለ ቡና ማሸጊያው ምስሎች፦ ዙር ለምን እንዳስፈለገ

ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ሰብለ፣

ትናንት ማታ የላኩልኝን ቮይስ ሰማሁት። «ኤአይ በደቂቃ የሚሠራው ከሆነ ሦስት ዙር ማስተካከያ ለምን ውሉ ውስጥ ገባ?» ብለዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከልጅዎና ከወንድምዎ ጋር አብራችሁ ስለምታዩት በስልክ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ምስሉ በደቂቃ መውጣቱ እውነት ነው። የሚወጣው ግን ገና የእርስዎ ምስል አይደለም። ኤአይ የሚስለው ሲማር ካያቸው ፎቶዎች በለመደው ነው፤ እኛ ቤት የሚፈላውን ቡና ደግሞ በደንብ አያውቀውም። «ጀበና» ስለው መጀመሪያ ያመጣልኝ የዓረቦቹን የናስ ማንቆርቆሪያ ነው። እሱን አስተካክዬ ነው የላክሁት። አሁን ሁለተኛውን ምስል ቀረብ አድርገው ይዩት። ስኒዎቹ መያዣ አላቸው፣ እንደ ሻይ ኩባያ። የቀሚሱ ጥበብ ከሩቅ ያምራል፣ ሲጠጉት ግን ጥለቱ መሃል ላይ ይቋረጥና ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ይሆናል። ረከቦቱ ሥር የተጎዘጎዘው ቄጠማም ቄጠማ ሳይሆን የኳስ ሜዳ ሣር ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማረም አለብን፣ ዙር የምለውም ይኸው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ምስሉ የሚጀምረው በዘፈቀደ ከተበተኑ ነጠብጣቦች ስለሆነ ያንኑ ትእዛዝ ደግሜ ብሰጠው ሌላ ምስል ይወጣል። መነሻውን ቆልፌ አንድ ቃል ብቻ ስቀይር እንኳ የሴትየዋ ፊት ወይም የመስኮቱ ብርሃን አብሮ ሊቀየር ይችላል። «ሁሉም እንዳለ ይሁን፣ ስኒዋን ብቻ ቀይር» ሲሉኝ ስኒዋ ያለችበትን ቦታ ለይቼ እሷን ብቻ እንደገና አስላለሁ። ይቻላል፣ ግን የሚያዋጣው ዋናው ምስል ከተመረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የቱ ምስል፣ ሴትየዋ የት ትቀመጥ፣ ብርሃኑ ከየት ይምጣ የሚለውን እንጨርስ። ዕቃዎቹ በሁለተኛው፣ ቀለምና ጥቃቅኑ በሦስተኛው። በሦስተኛው ዙር «ቆማ ትቅዳ» ካሉኝ ከዜሮ ነው የምንጀምረው።

አስተያየቱን በተመለከተ፣ «አሪፍ ነው ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ሲባል ምን እንደምነካ አላውቅም። «ሁለተኛው ምስል፣ በስተግራ ያለው ስኒ፣ መያዣው ይጥፋ» ቢሉኝ ግን ወዲያው እሠራዋለሁ። መፍትሔው ካልመጣልዎት ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። ስለ መጀመሪያው ምስል «ሴትየዋ ቡና የምታፈላ ሳይሆን ማስታወቂያ የምትሠራ ትመስላለች» ያሉኝ እስካሁን በጣም የጠቀመኝ አስተያየት ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ ካሜራውን ማየቷ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። የማይፈልጉትን ሲነግሩኝ የሚፈልጉትንም ይጨምሩበት። «ወተት አይኑር» ብዬ ብጽፍለት ወተት የሚለውን ይዞ ወተት ሊያመጣ ይችላል፤ «ስኒው ውስጥ ጥቁር ቡና ይታይ» ይሻላል።

የራስዎን ጀበና፣ ስኒና ረከቦት በቀን ብርሃን፣ ከፊትም ከጎንም በስልክ አንስተው ይላኩልኝ። ከአሥር መስመር ጽሑፍ አንድ ፎቶ ይበልጥ ይረዳኛል። በቴሌግራም ሲልኩ ግን እንደ ፋይል ይሁን፣ እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱን ይቀንሰዋል። የተቆላውን ቡና ራሱን ግን በኤአይ ባንሠራው ደስ ይለኛል። ሰው የሚገዛው እሱን ነው፣ እውነተኛ ፎቶ እናንሳው።

አደራ፣ ሦስታችሁም ለየብቻ አትጻፉልኝ። ልጅዎ «ደመቅ ይበል» ብላኛለች፣ ወንድምዎ ደግሞ «ቀዝቀዝ ይበል»፤ ሁለቱንም ማድረግ አልችልም። ተመካከሩና አንድ መልእክት ይላኩልኝ።

ምስሉ ላይ ጽሑፍ ባለመኖሩ አይጨነቁ። ኤአዩ አማርኛ ጻፍ ሲሉት ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ይሞነጫጭራል፣ ስለዚህ ስሙን በመጨረሻ እኔው በእጄ አስገባለሁ። አጉልተው ሲያዩት ቢደበዝዝም ችግር የለም። የላክኋቸው በጎን 1024 ፒክስል ናቸው፣ ለኅትመት በሚፈለገው ጥራት፣ በ300 ዲፒአይ፣ ቢታተሙ 9 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞሉም። የተመረጠውን አንዱን ብቻ ነው የማሳድገው። ሲያድግ ዝርዝሩ ትንሽ ሊለወጥ ስለሚችል ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አብረን እናየዋለን።

ሦስቱ ዙሮች በዋጋው ውስጥ ናቸው፣ ከዚያ በላይ ከሄድን በሰዓት ይታሰባል። ስድስተኛ ጣት ወይም የተጣመመ ጀበና ካገኙ ግን እሱን ማረም የኔ ሥራ ነው፣ እንደ ዙር አይቆጠርም፣ ባዩት ሰዓት ይላኩልኝ።

አስተያየቱ እስከ ሐሙስ ማታ ከደረሰኝ ሰኞ ሁለተኛውን ዙር እልክልዎታለሁ።

ሄኖክ