የኅዳር ወር የሠራተኞች ስብሰባ፦ የጤና ጣቢያው ኃላፊ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ገባ ገባ በሉ፣ ከፊት ወንበር አለ። በሩን ዝጉልን፣ ብርዱ እየገባ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ቆማችሁ እንደዋላችሁ አውቃለሁ። አርብ ከሰዓት ደግሞ ሰው ልቡ ቤቱ ነው። ስለዚህ አሁን 9 ሰዓት ነው፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንለያያለን። ማዋለጃ ክፍል አንዲት ሚድዋይፍ፣ ድንገተኛ ክፍል ደግሞ አንድ ነርስና አንድ ጤና መኮንን ተረኛ ሆነው ቀርተዋል። ምጥ ላይ ያለች እናት አለች። ከተጠራችሁ ሚድዋይፎች ዝም ብላችሁ ተነስታችሁ ሂዱ፣ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን የፋርማሲው ባልደረባችን ነው። የስልካችሁን ድምፅ አጥፉልኝ።

ዛሬ የጠራኋችሁ ለአንድ ነገር ነው። ወደዚህ ግቢ መጥቶ አገልግሎት ሳያገኝ የሚመለስ ሰው በዝቷል። ለምን እንደሚመለስ ተነጋግረን፣ ከሰኞ ጀምሮ ምን እንደምንለውጥ ወስነን እንድንወጣ እፈልጋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። 5 ሰዓት ገደማ ከግቢ ስወጣ በሩ ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከጥበቃው ጋር ታወራለች። ታለቅሳለች ማለት ይቀላል። ልጇ 9 ወር ሞልቶታል። የኩፍኝ ክትባት ልታስከትብ ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታለች። «ኩፍኝ የሚከፈተው ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ነይ» ተብላለች። ሐሙስ ደግሞ ገበያዋ ነው። ጋሼ እዚያው አረጋግተዋት ባይሆን ኖሮ እኔም አላገኛትም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ። ይዣት ተመለስኩ፣ ልጁ ተከተበ።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። «ኩፍኝ ሐሙስ፣ ቢሲጂ ማክሰኞ» የሚለውን ወረቀት ፈርሜ በሩ ላይ ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ብክነት ነበር። አንድ የኩፍኝ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ይበቃል፣ የቢሲጂው ደግሞ ለ20። አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ለአንድ ልጅ ከፍተን ዘጠኙን ስንደፋ ሁላችንንም ያመናል። ወር ሲሞላ ሪፖርቱ ላይ ብክነቱ ይታያል፣ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ። ይህን አልረሳሁም።

ግን የተደፋው ክትባት ተመዝግቦ ይታያል። የተመለሰችው እናት የትም አትመዘገብም። ሐሙስ ካልመጣች ማን ያውቃል? ልጁ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ በ9 ወር ገደማ አልቋል። ኩፍኝ ደግሞ ያልተከተበ ሰፈር ከገባ አንዱ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ እንደሚችል ሁላችሁም ተምራችኋል። አንድ ብልቃጥ ብንደፋ ይሻላል ባይ ነኝ። መመሪያውም ቢሆን ለአንድ ልጅም ክፈቱ ነው የሚለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አጀንዳ ክትባት ነው። ሰፊውን ጊዜ፣ ወደ 40 ደቂቃ፣ ለእሱ ይዘናል። ወረቀቱን ዛሬውኑ አነሳዋለሁ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የምንከራከረው እንዴት እንደምንሠራው ነው። በየቀኑ ስንከፍት የክትባት ክምችታችን ወሩን ያዳርሰናል ወይ? ጥያቄውን ለወረዳ በምን ያህል እንጨምር? ጠዋት የመጡትን ሕፃናት አንድ ላይ ሰብስበን ብንከትብ ብክነቱ ይቀንሳል ወይ? 15 ወር ላይ ለሁለተኛው ኩፍኝ የሚቀሩትንስ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኩል እንዴት እንፈልጋቸው? መልሱን የምታውቁት ክፍሉ ውስጥ የምትሠሩት ናችሁ። እኔ ልስማችሁ ነው የመጣሁት።

ሁለተኛው ካርድ ክፍል ነው፣ 25 ደቂቃ። በዚህ ብርድ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ይሰለፋል። ካርዱ ሲጠፋ አዲስ ይወጣለታል። አዲስ በወጣ ቁጥር የሰውዬው ታሪክ ለሁለት ይከፈላል። የደም ግፊት ክትትል ያላቸው አንድ አባት ሦስት ካርድ እንዳላቸው ባለፈው ሳምንት አይተናል። ሐኪሙ ያለፈውን መድኃኒት የት አይቶ ይዘዝ? የጤና መድህን አባላት ደግሞ መታወቂያቸውን ለማሳየት አንድ ጊዜ፣ ካርድ ለማውጣት ሌላ ጊዜ ይሰለፋሉ።

የካርድ ክፍል ልጆች አንድ ሐሳብ አላቸው፣ ትናንት ነግረውኛል፣ ደስ ብሎኛል። የነገ ቀጠሮ ያላቸውን ሰዎች ካርድ ዛሬ ከሰዓት አውጥተው ማሳደር ይፈልጋሉ። ለዚህ ግን ከየክፍሉ የቀጠሮ ዝርዝር እስከ 9 ሰዓት ሊደርሳቸው ይገባል። ያ ደግሞ የእነሱ ሳይሆን የእኛ የሌሎቻችን ሥራ ነው። የትኛው ክፍል ይችላል፣ የትኛው ይቸገራል፣ በግልጽ ተናገሩ። እሺ ብላችሁ ወጥታችሁ ሰኞ ዝርዝሩ ካልመጣ ግን እነሱን ማሰልቸት ነው።

ሦስተኛው የበዓል ተረኛ ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። ከአሁኑ ብንጨርሰው ለሁላችንም ይቀላል። አምና በሁለቱም በዓል ያደረ ሰው ዘንድሮ በሁለቱም አያድርም። ይህን ከወዲሁ ቃል እገባለሁ። ቤተሰቦቻችሁ ሩቅ ያሉ፣ አገር ቤት መሄድ የምትፈልጉ፣ ስማችሁን አሁን በምትዞረው ወረቀት ላይ ጻፉ። ሳትሰሙ የሚለጠፍ ፕሮግራም አይኖርም።

በመጨረሻ ስለ ክትባት ማቀዝቀዣው ሁለት ደቂቃ። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን የሙቀት መመዝገቢያው ላይ ባዶ ቦታ አይቻለሁ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውጭ ከወጣ ልናውቀው ይገባል። ጠዋትና ማታ የሚመዘግበውን ሰው በስም እንለይ፣ በቃ።

ስለ ደመወዝና ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ መነሳቱ እንደማይቀር አውቃለሁ። ጥያቄያችሁ ትክክል ነው፣ እኔም በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፣ እስካሁን መልስ አልመጣም። ዛሬ እሱን ብንከፍት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ረቡዕ ከሰዓት ቢሮዬ ክፍት ነው። ከየክፍሉ ተወካይ ይዛችሁ ኑ፣ ደብዳቤውን አብረን እናያለን፣ ቀጣዩንም አብረን እንጽፋለን።

ስንነጋገር አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አዲስ የተቀጠራችሁት ልጆች ዝም አትበሉ። እኛ የለመድነውን ነገር ችግሩን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ነባሮቹ ደግሞ አስጨርሷቸው።

አጀንዳው ላይ የምትጨምሩት አለ? ... የለም? ጥሩ። በሉ ከክትባት እንጀምር። ሲስተር፣ መዝገቡን ይዘሽ መጥተሻል አይደል? በጥቅምት ወር ስንት ልጅ ለፔንታ አንድ መጥቶ ስንቱ እስከ ፔንታ ሦስት እንደደረሰ አንብቢልንና ከዚያ እንቀጥል።