ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጥሙ በቤታችን የሚባል የማዕድ ምስጋና

ይህ ምስጋና ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን የሚባል ነው። ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጥሙ፣ ማታ አዛን ከመባሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ይባላል። የሚመሩት አያታችን እማማ ናቸው። እማማ ክርስቲያን ናቸው። ባለቤታቸው አባባ፣ አሏህ ይዘንላቸውና፣ ሙስሊም ነበሩ። ልጆቻቸው ከሁለቱም ወገን ናቸው፤ ሰይድ ሙስሊም ነው፣ ፅጌ ክርስቲያን ናት። እማማ ሲመርቁ አንዱ «አሚን» ይላል፣ አንዱ «አሜን» ይላል። ማንም ማንንም አያርምም። እዚህ የጻፍኩት ዘንድሮ፣ በየካቲት 2018፣ ያሉትን ነው። እማማ ከወረቀት ስለማያነቡ በየጊዜው ይጨምሩበታል።

እጅ ታጥቦ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ

በሉ እጃችሁን ዘርጉ። ከድር፣ ሳምቡሳውን ተወውና እጅህን ዘርጋ። አዛኑ ገና ነው።

ፈጣሪያችን ሆይ፣ ተመስገን።
በሰላም አውለህ ያገባኸን፣ ተመስገን።
ጠዋት በየፊናችን ወጥተን ማታ በአንድ በር ያስገባኸን፣ ተመስገን።

አሚን። አሜን።

አምናም ዘንድሮም ጾማችንን ገጠምክልን። ረመዳን በጨረቃ ነው የሚሄደው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። ሁዳዴ ደግሞ ፋሲካን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲገናኙ እኛ አልቆጠርንም፣ አላቀድንም። አንዱ ልጄ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ውኃ አይቀምስም። አንዷ ልጄ 55 ቀን ከስጋና ከቅቤ ተለይታለች። ማታ ሲመጣ ግን የሚበላው አንድ ሆነ።

ሽሮው ለሁሉም ይሆናል። ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ሱፉም ይሆናል። ሾርባው ያለ ስጋ ተሠራ፤ ሳምቡሳው በምስር ተሞላ። ተምሩን የሚከለክል የለም። ከሐይቁ ዓሣ አላመጣንም፤ ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ፅጌና በላይ ከፋሲካ በኋላ ይጨርሱት። ዛሬ በዚህ ትሪ ላይ «ይሄኛው የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ተመስገን።

አሚን። አሜን።

ሌላ ጊዜ እንዲህ እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ። አረፋ ሲመጣ በጉ በእስላም እጅ ይታረዳል፤ እኔና ፅጌ ሽሯችንን ይዘን ከጎኑ እንቀመጣለን። ለፋሲካ ዶሮው በክርስቲያን ይታረዳል፤ ለሰይድና ለልጆቹ እንቁላል ይጠበሳል። ሁለት ቢላ አለን። ሁለት የስጋ ድስት አለን። ክዳናቸው እንኳ ተለይቶ ነው የሚሰቀለው፤ አንድ ጊዜ እንግዳ ቀላቅሎት ዘነብ ቀኑን ሙሉ ስታጥብ ዋለች። ለዚህም ተመስገን። የሌላውን ስጋ ብላ ተብሎ የተገደደ የለም። ስጋዬን ናቅክብኝ ብሎ ያኮረፈም የለም። ይሄን ሁሉ ዘመን በአንድ ምድጃ ሁለት ድስት ጥደን ኖረናል።

ጌታዬ፣ ሰው ሲመርቅ «አንድ አድርገን» ይላል። ደግ ምርቃት ነው። እኔ ግን እሱን አልለምንህም። ሰይድ ሰላቱን እንዲተው አልፈልግም። ፅጌም ኪዳኗን እንድትተው አልፈልግም። የሚሰግደው ይስገድ፤ የሚያስቀድሰው ያስቀድስ። የየራሳችንን ሳታስጥለን በአንድ ትሪ አቆየን። ይሄን ነው የምልህ።

አሚን። አሜን።

ለደከሙት

የዚህን እህል ባለቤት ባርክልን። ጤፉ ከዚሁ ከተሁለደሬ ነው፤ የዘራውን፣ ያረመውን፣ ያጨደውን፣ የወቃውን ባርክ። በሬዎቹንም ባርክ። ያስፈጨችውንና የጋገረችውን፣ ጭስ ዓይኗን የፈጀውን ዘነብን ባርክ። እሷ ጾሟን ይዛ የምታበስለውን ቀምሳ አታይም፤ ጨዉን ፅጌ ቀምሳ ነው የምትነግራት። ዛሬ ትንሽ በዝቷል፣ እሱም ይበላል።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ፅጌ ወደ ኪዳን ልትሄድ ትነሳለች። ሰይድም ለሱሁር ይነሳል። ሁለቱ ኩሽና ይገናኛሉ። እሷ ነጠላዋን እንዳጣፋች ሻይ ትጥድለታለች፤ እሱ ውሻ እንዳይነክሳት እስከ መንገዱ ይሸኛታል። ይሄንን ማንም አላዘዛቸውም። እድሜ ስጣቸው። ለልጆቻቸውም ይሄንኑ አውርስልኝ።

አሚን። አሜን።

ስላለፈው

እኔ ባዶ ትሪ አይቻለሁ። በ77 ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ አይቻለሁ። ያኔ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚለይ ምግብ አልነበረም፤ የተለያየነው ስንቀበር ብቻ ነው። እነዚህ ልጆች በወሬ ይስሙት እንጂ አታሳያቸው።

በጥቅምት 2013 አንበጣው መጥቶ ሰማዩን ሲሸፍነው ቆርቆሮ እየደበደብን፣ ጅራፍ እያጮህን ነው ያባረርነው። በ2014 ጦርነቱ በደጃችን ሲያልፍ ቆሎ እየተካፈልን በጓዳ ተቀመጥን። ጎረቤት ከጎረቤት ተሸሸገ። ያንን ያሳለፍክልን አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ልጅ ወለድን፣ እንጀራ ጋገርን፣ ተጣላን፣ ታረቅን። ተመስገን።

አሁንም በልጉን በጊዜው አውርድልን። ማሽላው ሲዘራ መሬቱ ይርጠብ። በረዶውን ወደ ገደል፣ ዝናቡን ወደ እርሻ አድርገው። ጥይት የሚጮህበትን ቀን አርቅልን።

አሚን። አሜን።

ለሌሉት

አባባችሁን አሰብኩት። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ስወጣ ስንቄን የሚቋጥርልኝ እሱ ነበር። «ለእኔም ለምኚ» ይለኝ ነበር። እሱ ለመውሊድ ጀማ ንጉስ ሲሄድ ዳቦውን የምደፋለት እኔ ነበርኩ። እኔም «ለእኔም» እለው ነበር። የሱን ዱአ እኔ በወጉ አላውቀውም። ሰይድ፣ በል ለአባትህ በልለት።

*ሰይድ፦* አሏሁመ ኢግፊር ለሁ ወርሐምሁ። አሏህ ሆይ፣ ማረው፣ እዘንለት።

አሚን። አሜን።

ሪያድ ያለችው ልጃችንን ጠብቅልን። በአሁኑ ሰዓት የሰው ኩሽና ውስጥ ቆማ የሰው ማፍጠሪያ እየሠራች ነው። የሷ ሁዳዴ እንዴት እንደሆነ እንጃ። በፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ለሥራው ሲባል የተቀየረ። አንተ ግን እናቷ ባወጣችላት ስም ታውቃታለህ። በዚያ ስም ጠብቃት። ደመወዟን አታስቀርባት። በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለስ።

በላይ መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ሰላም አድርግለት። ኬላው ሲከፈት ስልክ ይደውል።

ለብቻቸው የሚያፈጥሩትን ጎረቤታችንን እትዬ ፋጤን አስብ። ከድር፣ ሳህኑን አድርሰሃል?

*ከድር፦* አድርሻለሁ እማማ። ሳምቡሳ ሁለት ጨምርላቸው ብላኛለች እናቴ፣ ጨምሬያለሁ።

ጎሽ፣ እደግ። የሚበላው ያጣውንም አብላው። ያለው የማይበላለትን፣ የታመመውን፣ ማርልን።

አሚን። አሜን።

አዛን ሲባል

(እማማ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ምርቃቱ ቢያልቅም ባያልቅም። ጾመኛን ማስጠበቅ አይወዱም። ተምሩና ውኃው መጀመሪያ ለሚያፈጥሩት ይሰጣል።)

*ሰይድ፣ ዘነብና ልጆቹ፦* ቢስሚላህ። አሏሁመ ለከ ሱምቱ ወዓላ ሪዝቂከ አፍጠርቱ። አሏህ ሆይ፣ ላንተ ጾምኩ፤ በሲሳይህም አፈጠርኩ።

*እማማና ፅጌ፣ ቆመው፦* በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። (ቀጥለው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ።)

(የሚያፈጥሩት ተምር ቀምሰው፣ ውኃ ጠጥተው መግሪብ ሊሰግዱ ይነሳሉ። እስኪመለሱ እንጀራው አይነካም። እዚህ ላይ ልጆቹ ብዙ ያጉረመርማሉ፤ እማማ አይሰሙም። ሲመለሱ እማማ ከዳር ቆርሰው መጀመሪያ ለትንሹ ያጎርሳሉ። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም፣ መብላት ነው።)

ከተበላ በኋላ፣ ቡናው ሳይቀርብ

ፈጣሪያችን ሆይ፣ ያበላኸን፣ ያጠጣኸን፣ ተመስገን።
የበላነውን ለጤና አድርገው።
የተረፈውን ለነገ ባርከው።
ያበሰለች እጇ አይድከም።
ያመጣ ኪሱ አይጉደል።
ልጆቼ፣ እደጉ፣ ተመንደጉ። ወጥታችሁ ግቡ።
ጾማችንን ተቀበልልን፤ የሰይድንም፣ የፅጌንም፣ የእኔንም።
ዒዱንም ፋሲካውንም በጤና አድርሰን።

*ሰይድና ዘነብ፦* አልሐምዱሊላህ። አሚን።

*ፅጌ፦* ስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።

የአዘቦት ቀን አጭሩ

በአዘቦት፣ ሰው ሲቸኩል፣ ወይም እማማ ታመው ሲተኙ፣ ከመካከላችን ታላቁ ይቺን ብቻ ይላል፤

ፈጣሪያችን ሆይ፣ ለእህሉም፣ በዙሪያው ላለነውም ተመስገን። ለሌለው ስጠው። የሄደውን መልሰው። የየራሳችንን ሳታስጥል በአንድ ትሪ አቆየን።

አሚን። አሜን። ብሉ እንግዲህ።